ስሙን መልሱለት



የዛሬው የጁሙዓ መልእክታችን መነሻ ሚንበር ላይ ሳይሆን ክፍል ውስጥ የተነገረ ንግግር ነው። ጎሮ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የሚያስተምር ወንድማችን ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቹ የተናገረውን ሰሞኑን አጫወተኝ። ክፍሉ ውስጥ ከወንጂ ተዘዋውሮ የመጣ ልጅ አለ። የፊት ጥርሶቹ በልዘዋል። በገባ በሳምንቱ «ዝገት» የሚል ስም ወጣለት። አንድ ቀን መምህሩ ስም ሲጠራ የልጁ ተራ ደረሰና ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ዝገት ማለት እኮ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም አብሮ ሳቀ፤ ግን ከንፈሩን ገጥሞ ነበር።

መምህሩ አልተቆጣም። የስም መጥሪያውን ዘጋና እንዲህ አላቸው፦

«ያለነው ኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ላይ ስለሆነ በኬሚስትሪ እንነጋገር። ዝገት ማለት ብረት ውሃና አየር ሲያገኘው ከላዩ ጀምሮ የሚበላው ነገር ነው። ጥርስ ደግሞ ብረት አይደለም። እናንተ የምታዩት የፍሎራይድ ሥራ ነው። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ በዚያ ድንጋይ መሐል ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ ብዙ ጉድጓዶች የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይዘዋል። አንድ ሕፃን ይህንን ውሃ እየጠጣ ሲያድግ፣ ቋሚ ጥርሶቹ ገና ድዱ ውስጥ እየተሠሩ ሳሉ ሽፋናቸው ይጎዳል። ጥርሱ ብቅ ሲል ነገሩ አልቋል። ስለዚህ ‹አይቦርሽም› የምትሉት ውሸት ነው። በቀን አሥር ጊዜ ቢቦርሽ አይለቅም። ወደ ማንም አይጋባም። እናንተ የለገዳዲን ውሃ ጠጥታችሁ አደጋችሁ፣ እሱ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ አደገ። የትኛችሁም ውሃችሁን አልመረጣችሁም።»

ቀጥሎ ስለ አንድ የራሱ አብሮ አደግ ነገራቸው። ልጁ ትምህርት ቤት እያለ ወፍራም ስለነበር «ዱባ» ይሉት ነበር። አደገ፣ ከሳ፣ ሥራ ያዘ፣ ያገባም ዘንድ ሽማግሌ ላከ። በኒካሑ ቀን የልጅቷ አጎቶችና አያቶች በተቀመጡበት ሳሎን አንድ የድሮ ጓደኛ ከበር ላይ «ዱባ! እንኳን ደስ አለህ!» ብሎ ገባ። ጓደኛው ፍቅሩን መግለጹ ነበር። ሙሽራው ግን ቀና ብሎ የአማቾቹን ፊት ማየት አልቻለም። መምህሩ ለተማሪዎቹ እንዲህ አለ፦ «ውፍረቱ ከጠፋ አሥር ዓመት ሆኖታል። ስሙ ግን አልከሳም።»

እኔ ይህን ስሰማ ወደ ሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ነው የሄድኩት። አላህ (ሱ.ወ) በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሦስት ነገር ከልክሏል፦ ሰው በሰው ላይ መሳለቅን፣ ማነወርን፣ በማይወደድ ቅጽል ስም መጠራራትን። ሦስተኛው የወረደበትን ምክንያት አቡ ጀቢራ የሚባለው ሰሓባ ነግሮናል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ከበኒ ሰሊማ ጎሳ ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት ስም ነበራቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንዱን ሰው ሲሰሙት በነበረው ስም ሲጠሩት፣ በዚያ ስም ሲጠሩት እንደሚቆጣ ተነገራቸው። አንቀጹም ወረደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። እኛ ሙድ ስንይዝ የምናቀርበው መከላከያ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «እኔ አላወጣሁትም»፣ «ሁሉም እኮ ነው የሚጠራው»፣ «ለክፋት አይደለም»። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሦስቱም አሉ። ስሙን ያወጡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይደሉም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይጠራበት ነበር፤ ልባቸው ደግሞ ከማንም ልብ የጸዳ ነው። አንቀጹ ግን ወረደ። ምክንያቱም መለኪያው የጠሪው ሐሳብ አይደለም፤ ስሙን የሚሸከመው ሰው መጥላቱ ነው።

«እሱም አብሮን ይስቃል» ትሉ ይሆናል። የወንጂውም ልጅ ስቆ ነበር። ከመላው ክፍል ጋር መጣላት የማይችል ልጅ ሌላ ምን ያድርግ? ሳቁን ሳይሆን ሌላውን ተመልከቱ። ሲስቅ እጁ ወደ አፉ ይሄዳል? ሰሌዳ ላይ ውጣ ሲባል «አላውቀውም» ይላል፣ ፈተና ላይ ግን ሞልቶ ይመልሳል? ፎቶ ሲነሣ ከኋላ ይቆማል? እነዚህ ናቸው ምልክቶቹ።

መድረሳ ውስጥ ደግሞ እኔ ይህንኑ በሌላ መልክ አየዋለሁ። ተጅዊድ የምትማሩ ታውቃላችሁ፦ ሣእ፣ ዛልና ዟእ የሚወጡት የምላስ ጫፍ የላይኛውን የፊት ጥርስ ጫፍ ሲነካ ነው። ፋእ ደግሞ ያው ጥርስ በታችኛው ከንፈር ውስጠኛ ክፍል ላይ ሲያርፍ። ያለ ዛል ፋቲሓን እንኳ በትክክል መቅራት አይቻልም። ጥርሱን መደበቅ የለመደ ልጅ አፉን አይከፍትም፤ ዛሉ ዘ ይሆናል፣ ሣኡ ሰ ይሆናል። ኡስታዙ «ምላስህን አውጣ!» እያለ ይጮህበታል፤ ችግሩ ያለው ግን ምላሱ ላይ ሳይሆን ከዓመታት በፊት ክፍል ውስጥ የተሳቀበት ሳቅ ላይ ነው። አንድ ቀልድ የሰውን ቂርኣት ያህል ነገር ያበላሻል ብሎ ማን አሰበ?

በነገራችን ላይ፣ በኛ በሙስሊሞቹ ልጆች መሐል ይህን ቀልድ በዲን የሚያሸበርቁ አሉ። «ሲዋክ ሱና መሆኑን አልሰማህም እንዴ?» ይሉታል። ሲዋክ ሱና ነው። ፍሎራይድ የሠራውን ግን ሲዋክም አያነሣውም። ሱናን የሰው መወጊያ ማድረግም ሱና አይደለም።

የሲዋክ ነገር ከተነሣ የዐብደላህ ኢብኑ መስዑድን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። ኢማም አሕመድ እንደዘገቡት ሲዋክ ሊቆርጥ አራክ ዛፍ ላይ ወጣ። ቅልጥሞቹ ቀጫጭን ነበሩ፤ ነፋሱም ሲያወዛውዘው ሰዎች ሳቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምን እንደሚስቁ ጠየቁ። በእግሮቹ ቅጥነት መሆኑን ነገሯቸው። እሳቸውም እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ በአላህ ምለው ተናገሩ። አስተውሉ፣ «እግሩ ቀጭን አይደለም» አላሉም። ቀጭን ነው። የነገሯቸው ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ሌላ መሆኑን ነው። የተናገሩትም ሳቁ በተሰማበት ቦታ፣ በሳቁት ሰዎች ፊት ነው፤ ኋላ ለብቻው ጠርተው «አይዞህ» በማለት አላለፉትም።

ኪታብ የቀራችሁ አንድ ጥያቄ ታነሱ ይሆናል፦ «ታላላቆቹ የሐዲስ ዘጋቢዎች ራሳቸው በመልካቸው አይደል የሚጠሩት?» እውነት ነው። ሱለይማን ኢብኑ ሚህራን የሚታወቀው አል-አዕመሽ ተብሎ ነው፤ ዓይኑ የሚያለቅስና የደከመ ማለት ነው። የአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ተማሪ የነበረው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ሁርሙዝ ደግሞ አል-አዕረጅ ይባላል፤ አንካሳው ማለት ነው። ኢማም ነወዊ ይህን አንስተው አብራርተዋል፦ ሰውየው በዚያ ስም የታወቀ ከሆነ ለመለየት ብቻ ይፈቀዳል፤ ለማሳነስ ከሆነ ሐራም ነው፤ በሌላ መንገድ መለየት ከተቻለም እሱ ይሻላል። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው ኢማም ሻፊዒይ ያደረጉት ነው። ኢስማዒል ኢብኑ ኢብራሂም የሚባለውን ዓሊም ሰዎች በእናቱ ስም «ኢብኑ ዑለየህ» ይሉት ነበር፤ እሱ ግን አይወደውም። ሻፊዒይ ከእሱ ሲያስተላልፉ «ኢብኑ ዑለየህ የሚባለው ኢስማዒል» ይሉ ነበር። ሰሚው ማንነቱን እንዲያውቅ፣ እሳቸው ግን ስሙን እንዳይለጥፉበት። ዘጠኝ ክፍል ውስጥ ስንት ኢስማዒል አለና ነው «ዝገት» ሳንል መለየት ያቃተን?

አሁን ወደ ተውበቱ። ማቆም፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መወሰን፤ እነዚህን ታውቃላችሁ። የሰው ሐቅ ሲሆን አራተኛ አለ፤ ሐቁን መመለስ። ስልክ የሰረቀ ስልኩን ይመልሳል። እናንተ የወሰዳችሁት የሰውየውን ስም ነው፤ ስለዚህ እሱኑ መልሱ። ነገ ጠዋት ያው ጓደኞቻችሁ ባሉበት በአባቱ ባወጣለት ስም ጥሩት። ስልካችሁ ላይ በቅጽል ስሙ የተመዘገበ ከሆነ ቀይሩት። በፎቶው የተሠራ የቴሌግራም ስቲከር ካለ አጥፉት፤ ለሌላ የላካችሁትንም «አጥፉልኝ» በሉ። ሌላው በቅጽል ስሙ ሲጠራው እናንተ ደግማችሁ በትክክለኛው ጥሩት። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ላይ ይሳቅባችኋል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ይቅርታ ስትጠይቁ ለብቻው አድርጉት፣ አሳጥሩት። በሰው ፊት ከጠየቃችሁት «ምንም አይደል» ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖረውም። «ግን በጣም ጎድቶህ ነበር?» ብላችሁም አታስለፍልፉት። በሌለበት ብቻ ስታሙት የነበረና ያልሰማው ነገር ከሆነ ግን ብዙ ዑለሞች አዲስ ቁስል እንዳይሆንበት አትንገሩት ይላሉ፤ ያማችሁበት ቦታ ላይ በመልካም አንሱት፣ ዱዓ አድርጉለት።

በመጨረሻ ለአንተ፣ ጥርስህን ለምትደብቀው፣ ለአንቺም። አንዳንዶች በውስጥ መስመር «ጥርሴን ባሠራ የአላህን ፍጥረት መቀየር ይሆንብኛል?» ብለው ይጠይቁኛል። የጥርስ ሐኪም እንደ ጉዳቱ መጠን ሊያነጣው ወይም ሊሸፍነው ይችላል። ዑለሞች ለውበት ብቻ የሚደረገውንና ጉድለትን ለማስወገድ የሚደረገውን ይለያሉ። ማስረጃቸው የዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። በጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ ከብር አሠራ፣ ብሩ ሸተተበት። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት።