ባልና ሚስት ለጊዜው ሲለያዩ የቤተ ዘመድ ድርሻ

በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፥ አንድ ሌዋዊ ቁባቱ ትታው ወደ አባቷ ቤት ወደ ቤተ ልሔም ሄዳ አራት ወር ከተቀመጠች በኋላ፥ በለሰለሰ ቃል ተናግሮ ሊመልሳት ተነሥቶ ተከተላት። አማቱም በደስታ ተቀብሎ፥ እየለመነ እስከ አምስተኛው ቀን አቆየው። ሁለቱ ወንዶች አብረው መብላታቸውና መጠጣታቸው ተጽፏል፤ ሴቲቱ ግን አንዲት ቃል መናገሯ፥ ስለ ምን እንደ ሄደችም የጠየቃት ሰው መኖሩ አልተጻፈም። ቀኑ ሲያዘነብል ጉዞ ጀመሩ፤ በጊብዓም ሌሊት የደረሰባትን መከራ ምእመናን ታውቁታላችሁ።

የእኛም ቤተ ዘመድ በዚህ ስሕተት ይወድቃል፤ ግብዣውን እንደ ዕርቅ ቈጥሮ የጠቡን ሥር ሳይመረምር ይቀራልና። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ሲደነግግ፥ የልጆችም አያያዝና ቀለብ ሳይወሰን እንዳይቆይ አዟል። ያለ ፍርድ ቤት የሚለያዩም ቀኑንና የልጆቹን ነገር አስቀድመው ቢቈርጡ መልካም ነው።

እንበልና አንዲት ሚስት ልጇን ይዛ እስከ ፋሲካ በእኅቷ ቤት ልትቀመጥ ከባሏ ጋር ተስማማች። በሁለተኛው ሳምንት በጽዋ ማኅበር ላይ ባልየው ሲሥቅ ያየች የሚዜው ሚስት፥ ክፋት ሳታስብ፥ «ደኅና ነው፥ ሲጫወት ነበር» ብላ ትነግራታለች፤ ያ ሣቅ በማግስቱ የፍቺ ምክንያት ይሆናል። (ወሬ አመላላሽ ሁሉ ራሱን አስታራቂ አድርጎ ማየቱ ይገርማል።) ስለዚህ ባልና ሚስቱ ለወዳጆቻቸው ሁሉ አንድ ቃል ይናገሩ፦ «እስከ ፋሲካ ተለያይተን እንቈያለን፤ ምክንያቱን አትጠይቁን፥ የአንዳችንንም ነገር ለሌላችን አታድርሱ።» በማኅበሩም በየወሩ ማን እንደሚገኝ አስቀድመው ይስማሙ። ማማከር ቢያሻቸው ሁለቱም የሚያምኑት አንድ የንስሐ አባት ወይም ሽማግሌ ይበቃቸዋል። አማትም የልጅ ልጇን ወደ አባቱ እናት መላክን አታቋርጥ፤ ሕፃኑ የማንም መያዣ አይደለምና።

ናፍቆት ብቻውን የመታረቅ ምልክት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የለመዱትን ቤት መናፈቅ የማይቀር ነውና። ይልቁንስ ያጣላቸውን ነገር፥ ገንዘብም ይሁን መጠጥ፥ አንሥተው ሳይጯጯሁ ለመነጋገር መቻላቸው ይመርመር። የተቀጠረው ቀን ደርሶ ሁለቱም ዝም ቢሉ፥ ሽማግሌው ጠርቶ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ይጠይቃቸው።

ይህ ሁሉ ግን ዱላ ላለበት ቤት አይሠራም። ተደብድባ የወጣችው ሴት ከሞት ሸሸች እንጂ ትዳሯን ልትፈትን አልተለየችምና፥ ያለችበትን ቦታ ለባሏ የሚናገር ዘመድ አይኑር፤ ሽማግሌም ቢሆን ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይሸኛት እንጂ ወደዚያ ቤት አይመልሳት።