በኀዘን ቤት ስለሚሰጥ ገንዘብ

ለኀዘንተኛ ገንዘብ መስጠት ማጽናናት ነውን ወይስ ዕዳ መጫን? መልሱ በሰጪው ቅን አሳብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ገንዘቡ በየትኛው ቀን፥ በምን ያህል መጠንና በምን ዓይነት አሰጣጥ እንደ ደረሰ ማየት ያስፈልጋል። ይህንንም የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት በሰፈራችን አንዲት ሴት ባሏ ሞቶባት በድንኳኑ ውስጥ ሕዝብ እንደ ተቀመጠ ሦስት መቶ ብር አውጥቼ በእጇ ጨበጥሁላት። በአጠገቧ የነበረ ዘመዷ ገንዘቡን ቆጥሮ መጠኑን ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ሌላውም በደብተር ጻፈው። እኔም በጎ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በዓመቱ እኅቴ ስታርፍ ያች ሴት መጥታ በሰው ፊት ሦስት መቶ ብር በእጄ አኖረች። በኋላ እንደ ሰማሁት ገንዘቡን ያገኘችው የባሏን ጋቢ ሸጣ ነው። እርሷ የሰጠችኝ እኔ በደብተር ያስጻፍሁባትን ዕዳ ነበር። እኔም ባልቴቷን የረዳሁ መስሎኝ አበደርኋት ማለት ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ጊዜውን እንይ። በሞቱ ቀንና በሚከተሉት ጥቂት ቀኖች የኀዘን ቤት የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም። በዚያ ቤት እሳት አይነድምና ጎረቤት እንጀራውን፥ ወጡን፥ ዳቦውንና ቆሎውን ያመጣል፤ ዕድሩም ድንኳኑን ይተክላል፥ ወንበሩንና ዕቃውን ያቀርባል፥ በመተዳደሪያው የተወሰነውንም ገንዘብ በገንዘብ ያዡ እጅ ያስረክባል። በዚህ ጊዜ የሚሰጥ ብር ከቤቱ ወጪ ጋር ተደባልቆ የት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ ያልቃል። ብዙ ጊዜም የሚቀበለው ኀዘንተኛዋ ሳትሆን ደጁን የሚጠብቀው ዘመድ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ቀኖች ምግብ ይዞ መምጣት፥ መቃብሩ ድረስ መሸኘት፥ ሌሊቱንም አብሮ ማደር ይበልጣል።

ገንዘብ ተገቢ የሚሆነው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚያስተዛዝነው ሰው ይቀንሳል፤ የሐኪም ቤት ዕዳ፥ የቤት ኪራይና የልጆች የትምህርት ወጪ ግን በዚያው ሳምንት ይመጣሉ። ሰው እንጀራ ቢያመጣ አከራዩ ኪራዩን በእንጀራ አይቀበልም። የሜራው ኤጲስ ቆጶስ የቅዱስ ኒቆላዎስ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ሦስት ልጆቹን መዳር ያቃተው ድኻ ጎረቤቱ የጐደለው ገንዘብ ነበርና ቅዱሱ ምግብ ወይም ልብስ አላመጣለትም፤ በሌሊት ወርቁን በመስኮት ጣለለት። ስለ ኀፍረቱ ደግሞ ማንም እንዳያይ አደረገ። ሰጪው ማን እንደ ሆነ አባትዮው ያወቀው ነቅቶ ከጠበቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። ብዙ ሰው መጠኑን የሚወስነው ሌላው ስንት እንደ ሰጠ በማየት ወይም ለእርሱ ስንት እንደ መጣለት በማስታወስ ነው። ይህ መለኪያ ድኻውን ያስበድረዋል፤ ባለጠጋውን ደግሞ በቀላሉ ያሳርፈዋል። የተሻለው መንገድ ዓመቱን አስቀድሞ ማስላት ነው። ለምሳሌ አንድ የደመወዝ ሰው ቤተሰቡን ሳያስርብ በየወሩ ሦስት መቶ ብር ሊያስቀምጥ ቢችል በዓመት 3,600 ብር ይሆንለታል። በሰፈሩና በመሥሪያ ቤቱ በዓመት ስምንት ያህል ኀዘን የሚደርስበት ከሆነ ለእያንዳንዱ 200 ብር ቢመድብ 1,600 ብር ያወጣል፤ የቀረውም 2,000 ብር በዚያ ዓመት እጅግ ለተቸገረው ለአንዱ ቤት ይቀመጣል። እንዲህ ያደረገ ሰው ስሌቱ አስቀድሞ ተሠርቶለታልና በይሉኝታ አይበደርም፥ በችኮላም አያንስም። ሁሉን እኩል አድርጎ ማካፈል ግን ፍትሕ የሚመስል ስሕተት ነው፤ ጡረታ ያላት ባልቴትና ኪራይ የምትከፍል ባልቴት አንድ አይደሉምና።

በቤተ መቅደሱ መዝገብ ሁለት ትናንሽ ሳንቲም የጣለችው መበለት ከሁሉ ይልቅ እንደ ሰጠች ጌታ ተናግሯል። ነገር ግን ይህ ነገር ሌላውን ለመጨቆኛ የሚጠቀስ አይደለም። መበለቲቱ ያላትን የሰጠችው በገዛ ፈቃዷ ነው፤ ደብተር ይዞ የሚጠብቃት አልነበረም።

ሦስተኛው አሰጣጡ ነው። ገንዘቡ በፖስታ ይሁን፥ ፖስታውም ይታሸግ። ባይታሸግ መንገድ ላይ የሚቆጥረው አይታጣም፤ ቆጣሪም ተናጋሪ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የሁለት መቶ ብር ኖት ከወጣ ወዲህ ጥቂት ቅጠል ይበቃልና ፖስታውን በትናንሽ ኖት አሳብጦ የመጠኑን ወሬ አስቀድሞ ማስነሣት አያስፈልግም። በፖስታው ላይ የሰጪው ስም ይጻፍ፤ ስም የሌለው ገንዘብ ኀዘንተኛዋን ስለ ምንጩ ያስጨንቃታልና። የገንዘቡ ልክ ግን አይጻፍ። በውስጡ አንዲት ትንሽ ወረቀት ትግባ፤ «ይህ የማይመለስ ነው» የምትል። ቃሉ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን «ብድር በምድር» የሚለው አነጋገር በሰው ልብ ተተክሏልና እንዳይመለስ ካልተነገረ በቀር ተቀባይዋ ዕዳ አድርጋ ትይዘዋለች።

ሲሰጥም ሰው በሌለበት፥ በተቀመጠችበት፥ በሁለት እጅ ነው። ልጅ መላክ አይገባም፤ ልጁ ቢጠፋበት ወይም ቢናገር ነውሩ በእርሷ ላይ ይሆናል። የመጀመሪያው ቃል «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሁን፤ ፖስታው ከዚያ በኋላ ሊወጡ ሲነሡ ይሰጥ። አስቀድሞ ቢሰጥ ጨዋታው ሁሉ በገንዘቡ ላይ ይወድቃል። «ለተዝካሩ ይሁንሽ» ብሎ አሳብ ማዘዝም መልካም አይደለም፤ ጸሎተ ፍትሐቱ በድግሱ ብዛት አይለካምና ያ ቃል የኪራዩን ብር ወደ ድግስ ሊያዞረው ይችላል። ምን እንደሚያስፈልጋት የምታውቀው እርሷ ናት። አልቀበልም ብትል ሁለት ጊዜ መለመን ይበቃል፤ ሦስተኛው ማስገደድ ይሆናል። ያን ጊዜ ኪራዩን ወይም የትምህርት ቤቱን ክፍያ በስውር በአከራዩ ወይም በትምህርት ቤቱ ዘንድ መክፈል ይቻላል።

ስጦታው ወደ ዕዳ መለወጡ በምን ይታወቃል? ተቀባይዋ በመንገድ ስታገኘን ፊቷን ብትመልስ፥ ወይም «የእናንተስ ልጅ መቼ ነው የሚዳረው?» እያለች ቀን ብትቆጥር፥ ያን ጊዜ በእጇ የተውነው ገንዘብ ሳይሆን ሸክም እንደ ሆነ እንወቅ። እኔም ያን ጋቢ ልገዛው ብፈልገው ገዢው አርቆ ሄዶ ነበር። የሦስት መቶውን ብር ግን ለመመለስ አልደፈርሁም፤ መልሼ ብሰጣት ዳግመኛ ባለ ዕዳ ትሆናለችና። በመጨረሻ ያደረግሁት ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ለመክፈል ብቻ ነው፤ ከፋዩም ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልተነገራትም።