የወላጅ ሐቅ እስከ የት ነው?

ጅዳ በቤት ሠራተኝነት ያለች እህት ደወለችልኝ። ደሞዟ 1000 ሪያል ነው፤ ሁሉንም ወደ ቤት ትልካለች። አሁን አባቷ ለወንድሟ ሞተር መግዣ ተበድረሽ ላኪ ብለዋታል። «እምቢ ካልኩ ዑቁቅ ይሆንብኛል?» አለችኝ።

የልጅ ገንዘብ የአባቱ መሆኑን የሚያወሳውን ሐዲስ አብዛኞቹ ዑለማዎች ባለቤትነት ነው ብለው አልተረዱትም። ልጆች ያሉት ሰው ሲሞት ቁርኣን ለአባቱ አንድ ስድስተኛ ይሰጣል። ገንዘቡ ድሮም የአባት ቢሆን ኖሮ ድርሻ ለምን ይቆረጥለታል?

ግዴታው ነፈቃ ነው፤ ወላጅ ሲቸግረው፣ ልጅም ከራሱ ወጪ ሲተርፈው። ቀለብ፣ ልብስ፣ መጠለያና ሕክምና ከዚህ ይገባሉ፤ የወንድም ሞተር አይገባም።

ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦ የቀለቡንና የእናትሽን መድኃኒት በየወሩ አታጓድይ፤ የተረፈሽን ለራስሽ አስቀምጪ። ለሞተሩ «አባዬ፣ አቅሜ አይችልም» በያቸው፤ ቢቆጡም አታመናጭቂያቸው፣ ስልካቸውንም አንሺ።

ወሏሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ።