ወርቁ ማን ዘንድ ነው?

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ከሚባለው ሰፈር፣ እኔ የማዘወትራት አንዲት ሱቅ አለች። ከመደርደሪያዋ በላይ «ዛሬ በካሽ፣ ነገ በዱቤ» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። በየከተማው የምናውቀው ቀልድ ነው። ቃል በቃል ከወሰድነው ውሸት ነው፤ ያ «ነገ» መቼም አይደርስም። ሆኖም አንብቦ ተታለልኩ የሚል ሰው የለም። ሰሙ ይዋሻል፣ ወርቁ ግን «ዱቤ የለም» ነው፤ ወርቁን ባለሱቁም ገዢውም እኩል ይዘውታል።

ባለሱቁ ማር መሸጥ ሲጀምር ጠራኝ። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ሰው የሚያስቅ ጽሑፍ ጻፍልኝ» አለኝ። እሱ ያሰበው «ንጹሕ የዘጌ ማር፤ ንቦቹም ከኛ ይገዛሉ» የሚል ነበር።

«ማሩን ከየት ያመጡታል ጋሼ?»

«ከገበያ ነዋ፣ ከነጋዴ።»

«ነጋዴውስ?»

«እሱን እሱ ያውቃል።»

ንቦቹ ማር ይገዛሉ ማለት ማንንም አያታልልም፤ ከእውነት መራቁ ራሱ ያጋልጠዋል። አደጋው ያለው ቀልድ በማይመስሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው፦ «ንጹሕ» እና «የዘጌ»። ገዢው ስቆ ሲያልፍ እነዚህን አምኖ ይሄዳል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ገዢው ማሩን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ብዙ ሰው ማር ሲረጋ «ስኳር አለበት» ይላል፤ ንጹሕ ማርም ግን በውስጡ ባለው ግሉኮስ የተነሳ ይረጋል። ምላስም ቢሆን በጥቂቱ የተቀላቀለ ስኳርን ላይለይ ይችላል። ገዢው በእጁ ያለው የሻጩ ቃል ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ጻፍንለት፦ «ቀምሰው ይግዙ፤ ንቧን እኛም አናውቃትም!»

ጋሼ መጀመሪያ ቅር አለው። «ንጹሕ ካላልኩ ማን ይገዛኛል?» አለ። እውነቱን ነው፣ አንዳንዱ አንብቦ ይመለሳል። አንዲት እናት ግን ስቃ ቀመሰችና «ታዲያ ማን ነው የሚያውቃት?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አልነበረውም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነጋዴውን ማሩ ከየት እንደሚመጣ ሲጠይቅ ሰማሁት፤ ያኛው ጽሑፍ ቢሰቀል ኖሮ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ አልነበረም።

ቀልዱ ያልገባው ሰው ሲመጣስ? አንድ ማለዳ፣ ከገጠር በቅርቡ የመጣች ልጅ ሱቁ በር ላይ ቆማ ግማሽ ኪሎ ስኳር በዱቤ ጠየቀች። «ትናንት አንብቤ ነው፣ ነገ ይላል» አለች። የቆምነው ሁሉ ሳቅን። እሷ አንገቷን ደፋች።

ጋሼ አልሳቀም። ስኳሩን መዘነላትና ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣ። «ለናንተ ቀልድ ነው» አለን፣ «ለሷ ግን ቃል ሰጥቻታለሁ።»