ዘንቢሉና ፖስታው

ለተቸገረ ሰው ገንዘብ ይሻላል ወይስ ዕቃ? ለማያውቁት ሰው ሲሆን ጥያቄው ብዙም አያስጨንቅም፤ ያለውን ሰጥቶ መሄድ ነው። ዘመድ ሲሆን ግን ሰጪና ተቀባይ ነገ ለቅሶ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ሠርግ ላይ ይገናኛሉ። እኔን ጥርጣሬ ውስጥ የከተተኝ የአጎቴ ባለቤት ጉዳይ ነው። አጎቴ ካረፉ በኋላ እትዬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው ሁለት ልጆች ያስተምራሉ፤ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤት ያስረክባሉ። የሚጋግሩት ግን በራሳቸው ምጣድ አይደለም። በጎረቤት ምጣድ ተራ ጠብቀው ነው።

ስለዚህ መልሱ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት መሰለኝ። ገንዘብ ተበልቶ ያልቃል፣ ምጣድ ግን እንጀራ ያወጣል። ይህ ክርክር ጥሩ ስለሆነ ለማፍረስ ጊዜ ወስዶብኛል።

ያፈረሰው መጀመሪያ ቆጣሪው ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ወደ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ያህል ማለት ነው። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ተብሎ በቀጭን ሽቦ የተዘረጋ የኪራይ ቤት መስመር ይህን አይችልም፤ ሶኬቱ ይግላል፣ ፕለጉ ይቀልጣል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ምጣድ ከቆጣሪው በወፍራም ሽቦ የራሱ መስመር ሊሳብለት ይገባል። ያንን የሚፈቅዱት ደግሞ አከራዩ ናቸው። ግቢው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ የመብራት ሒሳብ ክፍፍሉም ሌላ ጭቅጭቅ ነው፤ ብዙ አከራዮች ገና ቤቱን ሲያሳዩ «ምጣድ አይቻልም» የሚሉት ለዚህ ነው። ሌላም አለ። እትዬ ለጎረቤታቸው የምጣዱን ውለታ የሚከፍሉት በእንጀራ ነው፤ ጎረቤትየዋም እሳቸው ገበያ ሲሄዱ ልጆቹን ያያሉ። የእኔ ስጦታ ይህን ውል ሊያፈርሰው ይችል ነበር። ከውጭ ሲታይ ችግር የመሰለኝ ነገር ከውስጥ ሲታይ ዝምድና ሆኖ ተገኘ።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆል ዋልድፎገል በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ለገና የተሰጣቸውን ዕቃ ራሳቸው ቢገዙት ስንት ይከፍሉበት እንደነበር ጠየቀ። መልሳቸው ከዕቃው ዋጋ ያነሰ ነበር፤ በእሱ ግምት ከስጦታው ዋጋ ከአሥር በመቶ እስከ አንድ ሦስተኛው ድረስ በመንገድ ላይ ይጠፋል። ኪሳራው ጎልቶ የታየው እንደ አጎትና አክስት ካሉ፣ የተቀባዩን ፍላጎት በቅርብ ከማያውቁ ሰጪዎች በመጣ ስጦታ ላይ ነው። ጥናቱ የስጦታውን የፍቅር ዋጋ ወደ ጎን ትቶታል፤ የተማሪ የገና ስጦታም ከእትዬ ችግር ጋር አይነጻጸርም። ርቀትን በተመለከተ ግን ልክ ነው። ምጣዱን በ12,000 ብር ገዛሁ እንበል። እትዬ ሳይሆንላቸው ቀርቶ በ7,000 ብር ቢሸጡት 5,000ው ለማንም አልደረሰም። እሱም የመሸጥ ድፍረቱ ካላቸው ነው፤ እኔ ለበዓል ስመጣ ምጣዱን በዓይኔ መፈለጌ አይቀርም።

እንግዲህ ገንዘብ ይሁን? እዚህም ጥርጣሬ አለ፣ ምስክሩም አገር ውስጥ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎቹን በማኅበረሰብ ሥራ እያሰማራ ለአንድ ቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ይከፍል ነበር። ሲጀመር ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ ታስቦ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም 3 ኪሎ እህል መግዛት አቃተው፤ ብዙ ቤተሰብም ከብሩ ይልቅ እህሉን መረጠ። ገንዘብ ምርጫ ይሰጣል፣ የዋጋ ንረቱን ግን ተቀባዩ ላይ ይጥላል። ለወራት የሚቆይ እርዳታ ቢሆን ኖሮ እኔም አንድ ኩንታል ጤፍ ይሻላል ባልኩ። ዛሬ ተሰጥቶ በዚህ ሳምንት ለሚወጣ ብር ግን ይህ ስጋት ያን ያህል አይከብድም።

የቀረው ዘመድ አዝማድ ሁሉ የሚያነሳው ስጋት ነው፤ ገንዘቡ «ያለ ቦታው» ይሄዳል። ወዴት ይሄዳል ብዬ ቆጠርኩት፦ ለኪራይ፣ ለዕድር፣ ለሱቅ ዱቤ፣ ብድር ለሚጠይቅ ወንድም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብክነት አይደሉም። የባለሱቁ ደብተር ሲዘጋ በሚቀጥለው ወር ዘይትና ስኳር በዱቤ ለመውሰድ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ዕድሩ ሳይከፈል ተደራርቦ ከዝርዝር መሰረዝ ምን እንደሆነ ለሐዘንተኛ ሴት መንገር አያስፈልግም። የሚያሳስበው አራተኛው ብቻ ነው። እትዬ ወንድማቸው ብር እንዳለ ካወቀ እምቢ ማለት አይችሉም፤ ካላወቀ ግን እምቢ ማለትም አያስፈልጋቸውም።

መንገዱ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። ዕቃ ለሰፈሩ ሁሉ የሚታይ ነው፤ ገንዘብ ሊደበቅ ይችላል። ታዲያ አንዱን መምረጥ ለምን አስፈለገ? የሚታየው ትንሽ፣ የማይታየው ዋናው ሊሆን ይችላል።

ለፋሲካ ዋዜማ ዘንቢል ተዘጋጀ፦ ቡና፣ ስኳር፣ ዘይት። በዓል ሲደርስ ዘንቢል ይዞ የሚመጣ ዘመድ ምክንያት አይጠየቅም፤ በተራ ማክሰኞ ቢመጣ ግን ጎረቤቱ «ምን ሆነው ነው?» ይላል። ብሩ በፖስታ ሆኖ ከቡናው ሥር ገባ። በቴሌብር መላክ ይቀል ነበር፤ ግን የእትዬ ስልክ ብዙ ጊዜ ከልጃቸው እጅ አይጠፋም፣ መልእክቱ ደግሞ የብሩን መጠን ቁልጭ አድርጎ ይጽፋል። ልጆቹ ወጣ ሲሉ ዘንቢሉን በሁለት እጄ አቀበልኩና «እትዬ፣ ለበዓሉ ይሁንዎ። ከታች ያለውን እርስዎ ብቻ ይዩት» አልኩ። «ለምጣድ መግዣ» አላልኩም፤ እንዲያ ብል ኖሮ ነገ ሒሳብ ማቅረብ ግዴታቸው ይሆን ነበር። ገንዘብ ከትእዛዝ ጋር ሲሰጥ ሌላው ሰው ሄዶ የሚገዛው ዕቃ ነው።

«ምነው አንተ! ልጆችህን አታሳድግም?» አሉኝ።

«አጎቴ የደብተሬን ሲከፍሉ ልጆች አልነበሯቸውም እንዴ?»

ይህ መልስ የሠራው እውነት ስለሆነ ነው። የዕድር ገንዘብ ሲቀበል የሚያፍር የለም፤ ሁሉም ሲያዋጣ የኖረበት ነውና። እትዬም የባላቸውን መዋጮ እንደተቀበሉ ቆጠሩት። ለማስመሰል የተፈጠረ ውለታ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ያውቁት ነበር፤ ምጽዋት መሆኑም በዚያው ይጋለጥ ነበር። ስወጣ አንድ ላስቲክ በርበሬ አስያዙኝ። «እርስዎ ይጠቀሙበት» ማለት አማረኝ፣ ግን ተቀበልኩ። በርበሬውን መመለስ ከዘንቢሉ ጋር የተሰጠውን ሁሉ ስሙን ይቀይረዋል።

ያልፈታሁት የቀጣዩን ነገር ነው። በየበዓሉ ፖስታ ከሰጠሁ እትዬ ኪራዩን በእሱ ያሰላሉ፤ አንድ ጊዜ ከቀረሁ ጉድለቱ ካለመስጠት የባሰ ይሆናል። በዓሉን ትቼ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ብወስድስ? መጠኑ የታወቀ፣ ቀኑ የተቆረጠ፣ ወንድምም የማይበደረው ነው። ግን ያኔ የልጆቹ ትምህርት ጉዳይ በከፊል የእኔ ሊሆን ነው፤ የትኛው ትምህርት ቤት ይግቡ በሚለው ላይ እትዬ እኔን ማማከር ያለባቸው ሊመስላቸው ይችላል። ከመስከረም በፊት ራሳቸውን እጠይቃለሁ፤ ለብቻቸው፣ ቡና ላይ፣ እምቢ ለማለት በሚመች አነጋገር።