የከተማ ስም ሲቀየር የድሮው መዝገብ ምን ይሁን?

መናኸሪያ ገብታችሁ «አዳማ» በሉ «ናዝሬት»፣ የምትሳፈሩት ያው መኪና ላይ ነው። ኮምፒውተር ግን እንደ ረዳቱ አይደለም። ፊደሎቹን ያነጻጽራል፤ አልመሳሰል ካሉት ሁለት ከተማ ነው ብሎ ይደመድማል።

አዳማ የቆየው የኦሮምኛ ስም ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማዋ ናዝሬት ተባለች፤ ጎረቤቷ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት። ሁለቱም አዳዲስ ስሞች ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ አዳማ የቀድሞ ስሟን በይፋ መልሳ ያዘች። እኛ ዘንድ ስም የሚያወጣው ወላጅ ነው። መንግሥት ሲቀየር ስም የሚቀየረውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ጥያቄው «የዚህ ቦታ ወላጅ ማነው?» የሚል ነው።

አሁን ሥራው እኔን መሰል ዴቨሎፐር እጅ ገባ እንበል። ቀላሉ መንገድ አንድ መስመር ነው፦

```
UPDATE people SET birth_place = 'አዳማ'
WHERE birth_place = 'ናዝሬት';
```

ትእዛዙ በሴኮንድ ያልቃል፤ ጣጣው ግን ይቀጥላል። መጀመሪያ፣ እስራኤል ውስጥ ናዝሬት የተወለደ የቤተ እስራኤል ልጅ መዝገቡ ላይ ካለ፣ ሳያውቀው የአዳማ ተወላጅ ሆነ። ሁለተኛ፣ በ1970ዎቹ የተወለደች ሴት እጇ ላይ ያለው የልደት ወረቀት አሁንም «ናዝሬት» ይላል። ከዳታቤዙ ጋር ስለማይገጥም፣ እውነተኛው ወረቀት ፎርጅድ መሰለ።

መፍትሔው ቦታውን ከስሙ መለየት ነው። ከተማዋ የማይቀየር ቁጥር ይሰጣታል፣ 17 እንበል። ስሞቹ ለብቻ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ አብሮ ይጻፋል። የሴትየዋ መዝገብ ሁለት ነገር ይይዛል፦ 17 ቁጥርን፣ እና ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቃል እንዳለ። ሌኒንግራድ በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ስትመለስ የአውሮፕላን ማረፊያዋ ኮድ `LED` ሆኖ ቀረ። ኮዱ የድሮውን ስም ቢያስታውስም ሥራው ቦታውን መለየት ነውና፣ ሻንጣ አይጠፋም።

«ታዲያ የተጫነ ስም መዝገብ ላይ ለምን ይቆያል?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተራ አይደለም፤ ያንን ስም ባየ ቁጥር የሚያመው ሰው አለ። ታፔላውና የዛሬው ካርታ የዛሬውን ስም ይያዙ፣ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። መዝገብ ግን የሚመሰክረው ያኔ ለተደረገው ነው። ናዝሬት የሚለውን ብናጠፋው፣ አዳማ አንድ ወቅት ስሟን መነጠቋንም አብረን እናጠፋለን። የተነጠቀ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ማስረጃ ያስፈልገዋል።