የጋራ በዓል ማስታወቂያና የቀልድ ወሰን



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ በዙሪክም በጄኔቫም የሚኖሩ ሐበሾች አዳራሽ ተከራይተው በአንድነት ለማክበር ይነሳሉ። ማስታወቂያውን የማዘጋጀቱ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እናንተ ወጣቶቹ ላይ ነው። የአገሩን ቋንቋም የኮምፒውተሩንም ሥራ የምትችሉት እናንተ ናችሁና። ማስታወቂያ ደግሞ ሰው ዓይን ውስጥ እንዲገባ ቀልድ ያስፈልገዋል ይባላል። ስለዚህ ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው የሚያከብሩትን በዓል ስናስተዋውቅ በምን መቀለድ እንችላለን? በምንስ አንችልም?

አንድ ማስታወቂያ በምሳሌ እንውሰድ። ዝግጅቱ እዚሁ ኦፕፊኮን ነው እንበል። ቀኑ መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለትም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ነው። ምሳ በ13፡30 ሰዓት፣ ዶሮ ወጥና የበግ ጥብስ። ከላይ ቢላ አይቶ የሚሸሽ በግ ተስሏል። ከሥሩ «ሥጋው የማንም ይሁን፣ ጣዕሙ አንድ ነው!» የሚል ተጽፏል። የጻፈው ሰው ክፋት የለውም። እንዲያውም አንድነትን መስበኩ ነው።

ከቀልዱ በፊት ግን ቀኑን እንይ። ያ ቀን ዓርብ ነው። በዙሪክ አካባቢ በዚያ ቀን ዙህር የሚገባው ከ13፡20 በኋላ ስለሆነ፣ ምሳው የተጠራው ልክ በጁሙዓ ሰዓት ነው። በሌላ በኩል የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ። ገናና ጥምቀት በእነዚህ ቀናት ሲውሉ ጾሙ ይቀራል፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናትም አይጾምም። እንቁጣጣሽ ግን ዓርብ ላይ ሲውል ጾሙ እንዳለ ነው። ስለዚህ ዶሮ ወጡ የሚጾመውን ክርስቲያን፣ ሰዓቱ ደግሞ የሚሰግደውን ሙስሊም ከበር መልሷቸዋል። ማንም ሳይሰድባቸው «እናንተን አላሰብናችሁም» ተብለዋል። የ2009 ዓ.ም. እንቁጣጣሽም እንዲሁ ከዐረፋ ቀን ጋር ገጥሞ ነበር። ሐጅ ላይ ያልሆነ ሙስሊም የሚጾምበት ቀን ነው፤ ኢዱ በማግስቱ ነበር። እንዲህ ያለውን ግጭት ለማወቅ ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። የ2019ኙን ግብዣ ወደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማዛወር ሁለቱንም ችግር ይፈታል።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። «ሥጋው የማንም ይሁን» ለምን ያማል? ወላጆቻችሁ ባደጉበት አገር የሙስሊም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ የተለያየ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ክርስቲያን ያረደውን ይበላል። ይህ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት አልለየም። ክርስቲያኑ ሰርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ለይቶ፣ ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳርዳል፤ ድስቱም ይለያል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን ወዳጁ እንዲሁ ያደርጋል። ፍቅሩ የታየው ወሰኑን በመጠበቅ ነው እንጂ ወሰኑ የለም በማለት አይደለም። ጽሑፉ ግን ያንን ጥንቃቄ ሁሉ የአንድነት እንቅፋት አድርጎ ይስቅበታል። ደግሞም በተግባር አይጠቅምም፤ አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ማን እንዳረደውና ድስቱ መለየቱን ነው። «የሐላል ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋና የጾም ምግብ ለየብቻ ተዘጋጅቷል» የሚለው ቀላል ዓረፍተ ነገር ከቀልዱ ይልቅ ሰው ይጠራል።

እንዲህ ስል ዲናችን ቀልድን ይጠላል ማለቴ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር፤ በቀልዳቸውም ከእውነት አይወጡም ነበር። ቲርሚዚና አቡ ዳውድ እንደዘገቡት አንድ ሰው የሚጫነው እንስሳ ሊለምናቸው ሲመጣ የግመል ልጅ እንደሚሰጡት ነገሩት። ሰውየው ግልገሉ ምን ሊያደርግለት እንደሚችል ግራ ገባው። እሳቸውም ግመል ሁሉ የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሱት። ይህን ቀልድ ልብ በሉ። የተቀለደበት ሰው ፊት ለፊት ቆሟል፣ ይመልሳል፣ ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይም ፍላጎቱ ይሞላለታል። ሱረቱል ሑጁራት በ11ኛው አንቀጽ የሚከለክለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ አንዱ ሕዝብ በሌላው ሕዝብ ላይ መሳለቁን። ለእኔ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ መልስ አይሰማም። ጓደኛሞች ቡና ላይ ተቀምጠው ስለ ሥጋ ሲቀልዱ፣ አንዱ ፊቱን ቢያጠቁር ሌላው ወዲያው ያያል፤ ይቅርታም ይጠይቃል። ወረቀቱ ግን የማንንም ፊት አያይም።

በጉም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በበዓል ዋዜማ ስለ በግ ሁሉም ይቀልዳል፤ በጉ የሁሉም ነውና። ስዊዘርላንድ ውስጥ ግን በግና ቢላ ሌላ ታሪክ አላቸው። እንስሳን ሳያደነዝዙ ማረድ በዚህ አገር በ1893 በሕዝብ ድምፅ ተከልክሏል፤ የዚያን ጊዜ ክርክር በዋናነት ያነጣጠረው በአይሁዶች ላይ ነበር። በ2007 ደግሞ የስዊዝ ሕዝብ ፓርቲ ነጭ በጎች ጥቁሩን በግ ከስዊዝ ባንዲራ ላይ በእርግጫ ሲያስወጡ የሚያሳይ የምርጫ ፖስተር በየአደባባዩ ለጥፏል። ስለዚህ ቢላ የሚሸሸው በግ ኦፕፊኮን ላይ ሲለጠፍ አላፊ አግዳሚው የሚያነበው እኛ የምናነበውን አይደለም። ምናልባት ጥርጣሬው የተረጋገጠለት ይመስለዋል። የቀልዱን ዋጋ የምትከፍለውም ቀልዱን የሠራው ልጅ ሳይሆን በማግስቱ ሂጃብ ለብሳ ወደ ሥራ የምትሄደው እህታችን ናት።

ትልልቅ ድርጅቶችም በዚህ ይሰናከላሉ። በ2015 በለንደን ሊቨርፑል ስትሪት የሚገኘው የቴስኮ ሱቅ የረመዳን መልካም ምኞቱን የለጠፈው የአሳማ ሥጋ ጣዕም ባለው ፕሪንግልስ ላይ ነበር። ከመደርደሪያው እስከ ደንበኛው ድረስ አንድ የሚጾም ሰው ቢያየው ኖሮ በአንድ ቃል ይስተካከል ነበር።

እኔ የምመክረው መንገድ ከዚህ የተነሳ ነው። ማስታወቂያው ከመታተሙ በፊት ሙሉውን፣ ማለትም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምግቡን፣ ሥዕሉንና ቃሉን፣ ሃይማኖቱን አጥብቆ ለሚይዝ የሌላው ወገን ሰው አሳዩት። «ያስቀይምሃል?» ብላችሁ አትጠይቁት። ሐበሻ ይሉኝታ አለውና «ኧረ ምንም አይደል» ይላችኋል። «እናትህን ይዘህ ትመጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ዝም ካለ ወይም ከሳቀ በኋላ ካመነታ፣ ያ መልስ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይመጣ ሰው ይኖራል። እንቁጣጣሽን በዓል አድርጎ ማክበሩን ራሱን የማይቀበል ሙስሊም አለ፤ ፍርዱ የዑለማዎች ነው፣ የእኔ አይደለም። ማስታወቂያችን ግን ቀርቶ በሚቀረው ሰው ላይም መሳለቅ የለበትም። «አክራሪዎች አይመጡም» ብሎ ማሳቅ ቀላል ነው። ያ ሰው ግን የአንዳችን አባት ነው፤ በኢድ ቀንም ከእኛው ጋር አንድ ሶፍ ላይ ይቆማል።

ወላሁ አዕለም።